ሳቁ ያለው ከጽሑፉ ነው ወይስ ከፎቶው?

ትዕግሥት፦ ከላይ መግቢያ፣ ከታች መቋጫ የተጻፈባቸው የሚም ፎቶዎች ለምን ያስቃሉ? ጓደኛዬ «ቀልዱ ጽሑፉ ነው፣ ፎቶው ማስጌጫ ብቻ ነው» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ዮናስ፦ ጓደኛሽ ልክ ነው። ፈላስፋው ካንት በ1790 እንደጻፈው ሳቅ የሚወለደው የተወጠረ ጉጉት ድንገት ወደ ምንም ሲለወጥ ነው። የላይኛው መስመር ይወጥራል፣ የታችኛው ይበጥሳል። ፎቶውን አንሱት፣ ቀልዱ አይጠፋም። የሚያስቀው ያልተጠበቀው ነገር መምጣቱ ነው።

ሰናይት፦ ዮናስ፣ ግማሹን ይዘሃል። ያልተጠበቀ መሆኑ ብቻ ቢበቃ ኖሮ «ዕድለ ቢሱ ብራያን» የሚባለው ሚም ማንንም ባላሳቀ ነበር። ጥርሱ በብረት የታሰረውን ያንን ልጅ ከ2012 ጀምሮ ያየ ሰው ሁሉ፣ መጨረሻው እንደማያምር ገና ሳያነብ ያውቃል። ታዲያ ምን ይጠብቃል?

አንድ እንሥራ። ከላይ «ለሥራ ቃለ መጠይቅ አንድ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ»፣ ከታች «ቀጠሮው ትናንት ነበር»። ላይኛውን ስናነብ ጽሑፉ መልካም ዜና ይነግረናል፣ ፊቱ ደግሞ «አይቀርለትም» ይለናል። ሁለቱ ተጣልተዋል። ስለዚህ ዓይናችን ወደ ታች የሚወርደው «ይወድቅ ይሆን?» እያለ ሳይሆን «በየት በኩል ይሆን የሚመጣበት?» እያለ ነው። «ትናንት» የምትለው ቃል ስትደርስ ያ ሁሉ ትጋት ይገለበጣል፤ ሰውየው አንድ ሰዓት የቀደመ መስሎት 23 ሰዓት ዘግይቷል። ይህን ስሌት የሚሠራው አንባቢው ራሱ ነው፣ ሳቁም እዚያ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄሪ ሱልስ በ1972 ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነበር፦ መደነቁ አይበቃም፣ ያስደነቀን ነገር እንዴት ልክ እንደሚሆን ስናገኘው ነው የምንስቀው።

አሁን እነዚያኑ ሁለት መስመሮች በአሸዋ የተሞላ እጁን ጨብጦ ድል ያደረገ በሚመስለው ሕፃን ላይ አድርጓቸው። ቃሉ አልተነካም፣ ትርጉሙ ግን ተቀየረ፤ መጀመሪያውኑ ሥራውን ያልፈለገና በመገላገሉ የተደሰተ ሰው ሆነ። ማስጌጫ ይህን አያደርግም።

ብርሃኑ፦ እኔ ችግሩ ፎንቱ ይመስለኛል። ኢምፓክት የተባለው ወፍራም ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ኮምፒውተሩ ሌላ ቀጭን ፎንት ይተካበታል፤ ነጩ ጽሑፍ ደማቅ ፎቶ ላይ ሲወድቅ አይታይም። መፍትሔ ያላችሁ?

ሰናይት፦ ጋሽ ብርሃኑ፣ ጥያቄው ስለ ሳቁ ነበር፤ ግን የእርስዎም ነገር ከዚሁ ይገናኛል። ወፍራም የሆነ የግዕዝ ፎንት ይምረጡና በፊደሉ ዙሪያ ጥቁር ጠርዝ ያድርጉበት። ለማንበብ ዓይኑን ያጠበበ አንባቢ መቋጫው ላይ ሲደርስ ጊዜው አልፏል።

መቅደስ፦ የእኔን ልንገራችሁ። «ዓይን አፋሩ ፔንግዊን» በሚባለው ሚም ላይ ከላይ «ለሌላ ሰው የተውለበለበ እጅ ለእኔ መስሎኝ መለስኩ»፣ ከታች «በጣም አፈርኩ» ብዬ ጻፍኩ። የእውነት የደረሰብኝ ነው። አንድም ሰው አልሳቀም።

ሰናይት፦ መቅደስዬ፣ ምስጢሩን ከላይ አውጥተሽዋል፤ ከታች ደግሞ ወፉ የሚናገረውን ደግመሽ ተናግረሽለታል። «አፈርኩ» የሚለው ይውጣ፣ እሱ የፔንግዊኑ ድርሻ ነው። ከላይ «ሰው ከሩቅ እጁን አውለበለበልኝ፣ እኔም መለስኩ»፣ ከታች «ሰላምታው ከኋላዬ ለቆመው ነበር» በይው። የቃሉንም ቅደም ተከተል ጠብቂ። «ከኋላዬ ለቆመው ነበር ሰላምታው» ካልሽ የሚገልጠው ቃል ቀድሞ ይወጣና ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቀልዱን ያቀዘቅዘዋል።

የዚያው ወፍ ሌላ ዓይነትም አለ፤ ዮናስ፣ አንተም እየው። ዓይን አፋሩ በሰማያዊ ላይ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ደፋሩ በቀይ ላይ ወደ ቀኝ። ሁለቱን መሃል ላይ ቆርጠው ሲቀጥሏቸው ከወገቡ በላይ ደፋር፣ ከወገቡ በታች ዓይን አፋር ሆነ። የመቅደስ ታሪክ የሚስማማው እዚያ ላይ ነው፤ እጅ ሲውለበለብላት ቀይ፣ ሰላምታው የሌላ ሰው ሲሆን ሰማያዊ። ዓረፍተ ነገሩ በሚታጠፍበት ቦታ ፎቶውም ይታጠፋል።

ዮናስ፦ ፔንግዊኑ አሸንፎኛል፣ ፎቶው ማስጌጫ አይደለም። አንድ ነገር ግን አልለቅም። አንቺ የምትይው ሁሉ አንባቢው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል በሚል ላይ የቆመ ነው። የታችኛው መስመር ሦስት ቃል ሲሆን ስልኬ ላይ ገና ፎቶውን ስከፍት ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ላይኛውን የማነበው ከዚያ በኋላ ነው። እንደዚያም ሆኖ እስቃለሁ። ጉጉቱ ታዲያ የት ሄደ?

ሰናይት፦ ላይኛውን ሳታነብ «ቀጠሮው ትናንት ነበር» ብቻውን አያስቅህም፤ ስለዚህ መገጣጠሙ አልቀረም፣ ከታች ወደ ላይ ሆነ እንጂ። ግን ሳቁ እኩል ነው ብለህ ብትጠይቀኝ ለእኔ ይቀንሳል። ለአንተስ?

ዮናስ፦ ለእኔ አይቀንስም።

ትዕግሥት፦ ፔንግዊኑን ለጓደኛዬ ልኬለታለሁ። የቱን መስመር አስቀድሞ እንዳነበበ ጠይቄው እመለሳለሁ።