ጥቆማ፦ የቀለበት ልክ በክር ወይስ ባለኝ ቀለበት?

ሙሽሪት፦ ቀለበት በኦንላይን ላዝ ነው፣ ልኬን ላኪ ተባልኩ። ጠዋት ብርድ እያለ በሱፍ ክር ስለካው የጣቴ ዙሪያ 51 ሚሊ ሜትር መጣ። ያለኝን ቀለበት ውስጡን ከዳር እስከ ዳር ስለካው ደግሞ 17 ነው፤ በ3.14 ሲባዛ 53.4። የቱን ልመን?

ቆጣቢ፦ ክሩን እመኚ፣ ጣትሽን ራሱን ነው የለካው። ልዩነቱ የመጣው ቀለበት በብርድና በሙቀት ስለሚለዋወጥ ነው።

አንጥረኛው፦ ሙቀቱስ ልክ ነህ፣ ግን የሚለወጠው ቀለበቱ አይደለም። ብረቱ በብርድ የሚቀንሰው የፀጉር ውፍረት እንኳ አይሞላም። የሚሳሳው ጣት ነው፤ ሲበርድ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ሲሞቅ ይሰፉና ጣት ያብጣል። በዚህ ብቻ ግማሽ ቁጥር ሊለያይ ይችላል። በዚያ ላይ ሱፍ ይለጠጣል፤ ጣትሽ ላይ ስትስቢው ይረዝማል፣ ማስመሪያው ላይ ሲያርፍ ይሰበሰባል፣ አሳንሶ ይነግርሻል። በአሜሪካ ቁጥር አንዱ ከሌላው በዙሪያ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚለየው፤ የአንቺ ሁለት ልኬቶች አንድ ሙሉ ቁጥር ተራርቀዋል ማለት ነው። ክሩን ተይውና ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ያዢ። ማታ፣ እጅሽ ሳይበርድም ሳይግልም፣ ሦስት ጊዜ ለኪ። አንጓውንም እንዳትረሺ።

የተጣበቀባት፦ እኔ ግን ቀለበቴ ገብቶ አልወጣ አለኝ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

አንጥረኛው፦ እጅሽን ከልብሽ በላይ አንስተሽ ጥቂት ቆይ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሪው፣ ከዚያ በሳሙና እያዞርሽ አውጪው። ጣትሽ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ግን ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ቀለበቱን ቆርጠው ያወጡልሻል።

ገጣሚ፦ ሙሽሪት፣ ያ ቀለበት የየትኛው እጅሽ ነው? ቀኝ ከግራ ብዙ ጊዜ ይወፍራል እኮ።

ሙሽሪት፦ ወይ ጉድ፣ የቀኝ ነው! አዲሱ ለግራ ነው። ማታ ግራዬን በወረቀት ለካሁ፦ ቀለበቱ የሚያርፍበት ቦታ 52.5፣ አንጓዬ 55።

አንጥረኛው፦ እንግዲህ መሃሉን ያዢ፣ 53.5 አካባቢ። አንጓው ላይ ትንሽ ታግሎ ማለፍ አለበት፣ ካለፈ በኋላ ግን በራሱ መዞር የለበትም። ውስጡን ለመለካት ካሊፐር ካገኘሽ ከማስመሪያ ይሻላል፤ በማስመሪያ 1 ሚሊ ሜትር ከሳትሽ ከ3 በላይ ነው ዙሪያው ላይ የምትስቺው። ከሁሉም የተሻለው ግን ቁጥር ቁጥር ያላቸው የመለኪያ ቀለበቶች ማጥለቅ ነው።

ገጣሚ፦ እኔ ትንሽ ከፍ አድርጊው ባይ ነኝ። የእኔ ቀለበት ወርዱ ሰፊ ነው፣ 8 ሚሊ ሜትር፤ በቀጭን ወረቀት በለካሁት ልክ አሠርቼው አንጓዬን አላልፍ አለ።

ሙሽሪት፦ የእኔ 5 ነው። 5 ሰፊ ይባላል?

አንጥረኛው፦ ድንበሩ ላይ ነው። እኔ ብሆን አልጨምርም፣ ሌላ አንጥረኛ ግን ጨምሪ ሊልሽ ይችላል። ብቻ ስታዢ መልሰው ያሰፉት እንደሆነ ጠይቂ፤ ዙሪያውን ሙሉ ድንጋይ ያለው ከሆነ ማስፋቱ ከባድ ነው።