የመስቀል አደባባይ ፖሊጎን ዓለምን ሁሉ ሸፈነብኝ፤ የቱን ልገልብጥ?

ሰላም ወገኖች፣ በመስቀል አደባባይ ዙሪያ ይህን አራት ማዕዘን በGeoJSON በእጄ ጻፍኩ፦

```json
{"type":"Polygon","coordinates":[[
[38.7600,9.0095],[38.7630,9.0095],
[38.7630,9.0115],[38.7600,9.0115],
[38.7600,9.0095]]]}
```

ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፦ መጀመሪያ ኬንትሮስ (38)፣ ቀጥሎ ኬክሮስ (9)። ቢገለበጥ ቅርጹ ከሰርዲኒያ በስተደቡብ ባሕር ላይ ይወድቅ ነበር። የመጨረሻው ነጥብም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ስለሆነ ቀለበቱ ተዘግቷል።

የውጭው ቀለበት ከደቡብ ምዕራብ ጥግ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ይህ የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የGeoJSON ደረጃ RFC 7946 የሚያዘውም ይህንኑ ነው። ካርታ ላይ ስከፍተው በቦታው ይታያል። በ`d3-geo` ስስለው ግን ከአደባባዩ በቀር መላው ዓለም ቀለም ይለብሳል። መካከለኞቹን ሦስት ነጥቦች ስገለብጥ ይስተካከላል።

ምክንያቱ ይገባኛል፦ `d3-geo` ቅርጹን በሉል ላይ ስለሚያሰላ የቀለበቱ አዟዟር የትኛው ወገን "ውስጥ" እንደሆነ ይወስናል፤ ደንቡም የRFC 7946 ተቃራኒ ነው። ጠፍጣፋ ካርታ የሚስሉ ብዙ ፕሮግራሞች ግን አዟዟሩን ችላ ይላሉ።

ፋይሉን ሌሎችም ስለሚጠቀሙበት በደረጃው መሠረት ትቼው፣ ከመሳሉ በፊት በኮድ ብቻ መገልበጥ ይሻለኛል ብዬ አስባለሁ። በዚህ የሠራችሁ፣ ቀዳዳ ያላቸው ፖሊጎኖች ሲመጡ የውስጡንም ቀለበት አብሬ ልገልብጥ?