«Preparing to upload» ላይ ቆሞ ቀረብኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ? ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የሠርግ ፎቶዎቻችንን ወደ ክላውድ የሚልክልን ፕሮግራም ሦስት ቀን ሙሉ Preparing to upload እንዳለ ቀረ።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ጠረጠርኩ። ግን ያንኑ ፎቶ በብሮውዘር ስጭነው ወዲያው ገባ። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት፤ ያው ነው።

ከዚያ ፎልደሩን ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ወደ ዴስክቶፕ ሳወጣ የቀረው ተጫነ። የወጣውን እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እያልኩ አንድ ፋይል ላይ ደረስኩ። በ `.lrcat` የሚያልቀው የፎቶ ማደራጃው ካታሎግ ነው፤ 2.8 ጊጋባይት። ፎቶ ባስተካከልን ቁጥር ይለወጣል። በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙ ፋይሉን ከዜሮ ማንበብ የሚጀምር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ማደራጃውን ስዘጋው 20 ደቂቃ ቆይቶ አለፈ።

ግን ቀኑን ሙሉ ልዘጋው አልችልም፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ካታሎጉን ከፎልደሩ ላውጣው ብል ፎቶዎቹ ያሉበት ቦታ እንዳይጠፋበት ፈራሁ። የሁለት ዓመት ሥራ አለበት።

ካታሎጉን ሌላ ድራይቭ ላይ አድርጎ፣ ማታ ሲዘጋ ኮፒውን ብቻ የሚልክ ሰው አለ? እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 ነው።