ኃላፊዬ «ሥራው በማን እንደሚሸፈን ይገለጽ» ብለው የፈቃድ ጥያቄዬን መለሱት፤ ምን ልጻፍ?

የወር መጨረሻ (ጠያቂ)
እባካችሁ ፈጥናችሁ እርዱኝ። ከሰኞ 18 እስከ ዓርብ 29 የዓመት ዕረፍት ጠይቄ ነበር። ደብዳቤው አሁን ጠርዙ ላይ በቀይ «ሥራው በማን እንደሚሸፈን በግልጽ ይቅረብ» ተብሎበት ተመለሰ። እኔ ግን ጽፌያለሁ! «በማልኖርበት ጊዜ ሥራዬን ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያው ይሸፍናሉ» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይጻፋል? ኃላፊዬ ከምሳ በኋላ ስብሰባ ይገባሉ፤ ከነገ ጀምሮ ደግሞ ቢሮ የሉም። ናሙና ያለው ሰው ይለጥፍልኝ።

ደንብ አክባሪ
ወንድሜ፣ ማመልከቻ ሥርዓት አለው። ቀኑ ከላይ በቀኝ በኩል ይጻፋል። ቀጥሎ «ለ» ተብሎ የኃላፊው የሥራ መደብ ይሰፍራል እንጂ የግል ስማቸው አይደለም። ከዚያ «ጉዳዩ» ተብሎ ከሥሩ ይሰመርበታል። በመጨረሻ «ከሰላምታ ጋር»፣ ስምና ፊርማ። የዛሬ ሰው ደብዳቤና የስልክ መልእክት ተምታቶበታል። ሥርዓቱን የጠበቀ ማመልከቻ በቀይ ተጽፎበት ሲመለስ እኔ አላየሁም።

ቀጥ በል
ለምን ትለማመጣለህ? ዕረፍቱ ያንተ ነው። ተተኪ መመደብ የኃላፊው ሥራ ነው፣ ደመወዝ የሚከፈላቸውም ለዚያ ነው። «የሚሸፍነውን ይወስኑልኝ» ብለህ እዚያው ላይ ጽፈህ መልሰው።

ሳቂታው
እኔ አንድ ጊዜ «ሥራዬን ማንም ሰው ሊሸፍነው ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዬ አንብበው «ታዲያ አንተ ለምን ታስፈልገናለህ?» አሉኝ። ፈቃዱን ግን ሰጡኝ። ይልቅ፣ ስማቸውን የጻፍክባቸው ሰውዬ እንደጻፍክባቸው ያውቃሉ?

የመንታ እናት
እኔ ለወሊድ ስወጣ ተተኪዬን ለረጅም ጊዜ አሠልጥኜ ነበር፤ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስለዚህ ብዙ አታስተምር። ወሊድ ከሆነ ደግሞ ለዓመት ዕረፍት ብለህ አትጻፍ፣ ሌላ ፈቃድ ነው። (አባት ከሆንክ ማለቴ ነው።)

የወር መጨረሻ (ጠያቂ)
እህት ነኝ፤ ወሊድም አይደለም። ሰውየውን ገና አልነገርኳቸውም፣ ፈቃዱ ሲጸድቅ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው። እባካችሁ ናሙና።

የቀድሞ ኦዲተር
ናሙናው የሚወሰነው በሥራሽ ነው፤ እሱን አልነገርሽንም። ምን ምን ትሠሪያለሽ? ከእነዚያ ውስጥ ከ18 እስከ 29 ባለው ጊዜ የግድ የሚደርሰውስ የትኛው ነው? ደግሞም ይህን ንገሪኝ፦ አንቺ የሠራሽውን የሚያጣራው ማን ነው?

የወር መጨረሻ (ጠያቂ)
ፔሮል አዘጋጃለሁ፣ ፔቲ ካሽ እይዛለሁ፣ የባንክ ማስታረቂያ እሠራለሁ። ደመወዝ በ28 ነው የሚገባው። የማዘጋጀውን ፔሮል የሚያጣሩት ራሳቸው ከፍተኛ ባለሙያው ናቸው፤ ኃላፊዬ ያጸድቃሉ። እሳቸውን የመረጥኩትም ሥራውን ስለሚያውቁት ነው።

የቀድሞ ኦዲተር
ቀዩ ጽሑፍ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። እሳቸው ከሸፈኑሽ ራሳቸው ያዘጋጁትን ራሳቸው ያጣራሉ ማለት ነው። አንድ ሰው በስህተት ሁለት ጊዜ ቢገባ ወይም የለቀቀ ሠራተኛ ዝርዝሩ ውስጥ ቢቀር የሚይዘው ሁለተኛ ዓይን የለም። ኃላፊሽ ይህን በቃል ሳያስረዱ «በግልጽ ይቅረብ» ብለው አለፉት። አዘጋጁን ቀይሪ፣ አጣሪውን አትንኪ። ፔሮሉን የሚያዘጋጅ ሌላ ሰው ፈልጊ፤ እሳቸው እንደ ወትሮው ያጣሩ።

ሌላው ችግር «ሥራዬን» የሚለው ቃል ነው። ኃላፊሽ ደብዳቤውን ሲያነቡ በዓይነ ሕሊናቸው የሚያዩት 28ን ነው። ስለዚህ ሥራሽን በሦስት ክፈይው፦ ከመውጣትሽ በፊት የምትጨርሽው፣ ሌላ ሰው የሚሠራልሽ፣ እስክትመለሽ የሚጠብቅ። አንድ ነገር ከሦስቱ በአንዱ ካልገባ በመሀል የሚረሳው እሱ ነው። የባንክ ማስታረቂያሽ ለምሳሌ ይጠብቃል፤ የወሩ የባንክ መግለጫ የሚመጣው ወሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ለማንም መስጠት አያስፈልግሽም። እሱንም ግን «ይጠብቃል» ብለሽ ጻፊው፤ ካልጻፍሽው የተረሳ ይመስላል።

ክፍልሽ ውስጥ ሌላ ማን አለ?

የወር መጨረሻ (ጠያቂ)
የወጪ ሒሳብ የምትይዘው አለች። ፔሮል ግን ሠርታ አታውቅም።

ፈጣን መፍትሔ
ቀላል ነው። የይለፍ ቃልሽን ስጫትና በስልክ እየመራሻት ትሠራዋለች። እኛ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የቀድሞ ኦዲተር
በፍጹም አይሆንም። በአንቺ ስም ገብታ የሠራችው ሁሉ በመዝገቡ ላይ አንቺ ዕረፍት ላይ ሆነሽ እንደሠራሽው ይቀመጣል። ከዓመት በኋላ ጥያቄ ቢነሣ እሷም አንቺም መልስ የላችሁም። በራሷ ስም ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ይጠየቅላት፣ የሚዘጋበት ቀን ያለው። ይህ የሲስተም አስተዳዳሪውን ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬውኑ አስጀምሪው።

ሠርታ አለማወቋ እንቅፋት አይደለም፤ ዛሬ ረቡዕ 6 ነው፣ ጊዜ አለሽ። ያለፈውን ወር ፔሮል በቅጂ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን ታዘጋጀው። የተጣራ ክፍያው ድምር ከጸደቀው ጋር ከገጠመ ትችላለች ማለት ነው። ካልገጠመ ልዩነቱን አብራችሁ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ የምታገኙት አንቺ በቃል የምታውቂውንና የትም ያልተጻፈ ነገር ነው፦ የብድር ተቀናሹ በዚህ ወር የሚያልቅ ሠራተኛ፣ በወሩ አጋማሽ የተቀጠረ፣ ያለ ክፍያ ፈቃድ ላይ ያለ። እነዚያን በአንድ ገጽ ጻፊላት። ዋናው ርክክብሽ ያ ገጽ ነው።

ፈጣን መፍትሔ
የይለፍ ቃሉን ሰጥታ ስትመለስ መቀየር ትችላለች እኮ። ምን ያካብዳል?

ሳቂታው
ወዳጄ፣ የጥርስ ብሩሽህንም አውሰህ ስትመለስ ታጥበዋለህ?

የወር መጨረሻ (ጠያቂ)
አሁን ጠየቅኳት፤ «ከ25 በፊት የኔን የወር መዝጊያ የሚያግዘኝ ካለ እሺ» አለች። ከፍተኛ ባለሙያውም ተስማሙ፤ እንዲያውም ስማቸው መጻፉን ሲሰሙ ደነገጡ።

የቀድሞ ኦዲተር
ሁኔታዋን ደብዳቤው ውስጥ አስገቢው፣ አትደብቂው። ኃላፊሽ ሊወስኑት የሚችሉት ነገር እሱ ነው። እንዲህ አድርገሽ ጻፊው፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦

ቀን፦ ረቡዕ 6
ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ከሰኞ 18 እስከ ዓርብ 29 ለ10 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ሰኞ በቀጣዩ ወር 2 ሥራ ላይ እገኛለሁ።

ፔሮል፦ እስከ ዓርብ 15 የሚደርሱኝን ለውጦች አስገብቼ እወጣለሁ። ከዚያ እስከ ዓርብ 22 የሚመጡትን የወጪ ሒሳብ ሠራተኛዋ አስገብታ ሰኞ 25 ፔሮሉን ታዘጋጃለች። ማጣራቱ እንደ ወትሮው በከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያው፣ ማጽደቁም በእርስዎ ማክሰኞ 26 ይሆናል። ዝርዝሩ ረቡዕ 27 ለባንክ ይላካል፤ ክፍያው ሐሙስ 28 ነው። ሁለቱም ባልደረቦቼ ተስማምተዋል። የወጪ ሒሳብ ሠራተኛዋ እስከ ማክሰኞ 12 ያለፈውን ወር በቅጂ ላይ አዘጋጅታ ድምሩን ታመሳክራለች፤ ካልገጠመ በማግሥቱ አሳውቅዎታለሁ።

የባንክ ማስታረቂያ፦ የወሩ መግለጫ የሚደርሰው ከወሩ በኋላ ስለሆነ ስመለስ እሠራዋለሁ።

ፔቲ ካሽ፦ ዓርብ 15 በጋራ ቆጥረን፣ በሁለታችንም ፊርማ ለገንዘብ ያዧ አስረክባለሁ።

ከእርስዎ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ለወጪ ሒሳብ ሠራተኛዋ በራሷ ስም እስከ ዓርብ 29 የሚቆይ የፔሮል መግቢያ እንዲፈቀድላት፣ እንዲሁም ከ25 በፊት በወር መዝጊያ ሥራዋ ላይ የሚያግዛት ሰው እንዲመደብላት።

ከሰላምታ ጋር

ደንብ አክባሪ
«ጉዳዩ» ከሥሩ አልተሰመረበትም። በተረፈ ጥሩ ነው።

ቀጥ በል
ረዳት መመደቡ ለኃላፊው መተዉ ደስ ብሎኛል። ግን «በስልክ እገኛለሁ» የሚል እንዳትጨምሪ። አንዴ ከጻፍሽው ዕረፍት የለሽም።

የመንታ እናት
እኔ ደግሞ ካልጻፈችው ፈቃዱን አይሰጧትም ባይ ነኝ። የእኔ ኃላፊ የሚያዩት መጀመሪያ ስልክ ቁጥሩን ነበር።

የቀድሞ ኦዲተር
ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። መጻፍ ካለበት ለአንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ «ማክሰኞ 26 ድምሩ ካለፈው ወር ጋር ተነጻጽሮ ልዩነቱ ካልተብራራ በስልክ ልጠየቅ እችላለሁ።» ለሌላው ሁሉ ገጹ አለ።

ገንዘብ ያዥ ነበርኩ
ፔቲ ካሹን ለገንዘብ ያዧ መስጠቱ አልጣመኝም። ያዧ ዋናውን ካዝና የምትይዝ ከሆነ ሁለቱ ገንዘቦች አንድ ሰው እጅ ላይ ይገባሉ፤ ቆጠራ ላይ ከአንዱ ያነሰውን ከሌላው መሙላት ይቻላል። ሣጥኑ ተቆጥሮ፣ ታሽጎ፣ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ለእነዚያ ቀናት ጥቃቅን ወጪ ይቁም።

የቀድሞ ኦዲተር
ስጋቱ እውነት ነው። ቢቆም ግን ሰው ከኪሱ እያወጣ ደረሰኝ ያከማቻል፤ ስትመለስ የማንኛው ደረሰኝ በማን ፈቃድ እንደተገዛ የሚያውቅ አይገኝም። ሌላ ሰው ካለ ለሌላ ሰው ይሰጥ። ከሌለ ያዧ በተለየ ሣጥን ትያዘውና በመሀል ቀን ሳይነገራት ይቆጠር።

ገንዘብ ያዥ ነበርኩ
ሳይነገራት የሚቆጥረው ማን ነው? ከፍተኛ ባለሙያው ፔሮል ላይ ናቸው፣ ኃላፊው ስብሰባ። በወረቀት ላይ ያለ ቆጠራ ነው የምትለው። እኔ አሽጉት ነው የምለው።

የወር መጨረሻ (ጠያቂ)
ፔቲ ካሹን በተመለከተ ሁለቱንም አማራጭ ጽፌ ለእሳቸው ውሳኔ ተውኩት። አትሜ ልሰጣቸው እየሄድኩ ነው፣ በሩ ላይ ናቸው!

ፈጣን መፍትሔ
ቆይ፣ የእኛ ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ለማን ነው የማስረክበው?

የቀድሞ ኦዲተር
ብቻህን ከሆንክ ዕረፍትህን ከክፍያ ቀን በማግሥቱ አስጀምረውና በሚቀጥለው የለውጥ መቀበያ ቀን ሳይደርስ ተመለስ። ይህ ካልተቻለ ለኃላፊህ የምታቀርበው ጥያቄ ሰው እንዲመደብልህ ነው፤ የዕረፍቱ ደብዳቤ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የይለፍ ቃልህን ግን ለማን እየሰጠህ ነበር?

ሳቂታው
ለእናቱ ይሆናላ!