የአስመጪውን ግዴታ በማን ስም ልመዝግበው?

ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የሰነድ ክፍል እሠራለሁ። የአውሮፓ ኅብረትን የደን ጭፍጨፋ ደንብ 2023/1115 ወደ ግዴታዎች ዝርዝር ስቀይር አንቀጽ 9 ላይ ተቸግሬአለሁ። ቡናው ከደን ጭፍጨፋ ነፃ ስለመሆኑ የሚጠየቀውን መግለጫ የሚያቀርበው አውሮፓ ያለው አስመጪ ቢሆንም፣ የማሳው መገኛ ነጥብ፣ ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነም ዙሪያ ወሰኑ፣ የሚሰበሰበው በእኛ ስለሆነ፣ «ኃላፊ» የሚለውን ዓምድ በማን ስም እንደምሞላ አላወቅሁም።

ደንቡ መግለጫው ቡናው ገበያ ከመግባቱ በፊት ይቅረብ ስለሚል፣ ከጭነት ቀን ወደ ኋላ ቆጥሬ ለመስክ ቡድኑ 30 ቀን ሰጥቼ ነበር። ሆኖም የአንድ ገበሬ ማሳ በካርታው ላይ ግልገል ጊቤ ወንዝ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት፤ ተመልሶ ለመለካት ጊዜ አልነበረም።

ልኬቱንና ማጣራቱን በሁለት ረድፍ፣ በሁለት ኃላፊና በተለያየ ቀነ ገደብ ብለያቸው ይሻላል? እንዲህ ያለ ዝርዝር የሠራችሁ ካላችሁ፣ ለማጣራቱ ስንት ቀን እንደመደባችሁ ብትነግሩኝ በእጅጉ ትረዱኛላችሁ።