«ጉድለት ቢኖር ተከራይ ይተካል» የሚለውን እንዴት ላቅልለው?

አዳማ ውስጥ ሱቅ ልትከራይ ያለች እህቴ ከመፈረሟ በፊት ውሉን በቀላል አማርኛ እንድጽፍላት ጠይቃኝ አንድ አንቀጽ ላይ ቆሜያለሁና እርዳታችሁን እሻለሁ። አንቀጹ እንዲህ ይላል፦

«ተከራይ ከእርጅና ውጭ በቤቱ ላይ ያደረሰውን ጉዳት፣ በጽሑፍ ከተነገረው ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ካላሳደሰ፣ አከራይ አሳድሶ ወጪውን ከመያዣው የመቀነስ መብቱ የተጠበቀ ሲሆን፣ ጉድለት ቢኖር ተከራይ ይተካል።»

መጀመሪያ «አከራዩ ወጪውን ከመያዣው ይቀንሳል» ብዬ ጻፍኩ፤ ነገር ግን ይህ መብቱን ግዴታ ስለሚያደርግበት «መቀነስ ይችላል» ብዬ አስተካከልኩት። «ከእርጅና ውጭ» የሚለውንም ለማሳጠር ብዬ ልተወው ነበር፤ ቢወጣ ግን በዕድሜ የላላ የበር ማጠፊያ ሳይቀር እህቴ ላይ ይወድቅ ነበር።

ያስቸገረኝ የመጨረሻው ሐረግ ነው። መያዣው 30,000 ብር፣ እድሳቱ 12,000 ብር ቢሆን፣ «ጉድለት» ማለት ከመያዣው በላይ የሆነ ወጪ ከሆነ እህቴ ተጨማሪ የምትከፍለው የለም። የመያዣው መጉደል ከሆነ ግን በአከራዩ እጅ የቀረው 18,000 ብር ስለሆነ፣ እንደገና 30,000 እንዲሞላ 12,000 ብር መጨመር አለባት። ሁለቱንም ንባብ ዐረፍተ ነገሩ ይቀበላል፤ እኔ አንዱን መርጬ ግልጽ ባደርገው ደግሞ ያቀለልኩ መስሎኝ ያልተስማሙበትን ዕዳ እፈጥራለሁ ወይም እሰርዛለሁ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሐረጉን እንዳለ ትቼ ሁለቱን ትርጉሞች ከነሂሳባቸው ከሥሩ ልጻፍላት፣ ወይስ አከራዩ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ሥራውን ላቁም? ውል በመጻፍ ልምድ ያላችሁ፣ እህቴና አከራዩ ከተስማሙ በኋላ ሐረጉን በምን ቃል እንደምትተኩት ብታሳዩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።