ለሪፖርት ማደሻ የሰርቪስ አካውንት፦ ይሰጥ ወይስ ይከልከል?

ቤዛ፦ ለአይቲ ክፍል ልልክ ያዘጋጀሁት ደብዳቤ ይኸው። «የፓወር ቢአይ የሽያጭ ሪፖርቱ በየቀኑ ጧት 12 ሰዓት በራሱ እንዲታደስ፣ ዳታቤዙን ማንበብ ብቻ የሚችል የሰርቪስ አካውንት እንዲከፈትልን እንጠይቃለን።» እስካሁን በእኔ ፓስወርድ ነው የሚሠራው። አይቲዎቹ ግን ባለቤት የሌለው አካውንት አንከፍትም እያሉ ነው። ማን ነው ልክ?

ናቲ፦ አንቺ ነሻ! ማንበብ ብቻ ምን ያበላሻል? `db_datareader` ሰጥቶ መገላገል ነው።

ሄለን፦ ኤክሴል ከፍቶ ማደሻውን መጫን አይቀልም?

ቤዛ፦ ሄሉ፣ ጧት ቢሮ ማን አለ?

ጋሽ ታዬ፦ ናቲ ግማሹን አግኝቶታል። አካውንቱ አይጽፍም፣ አይሰርዝም። ግን ያ ሮል የደመወዙን ሠንጠረዥም ያነባል፤ ነገ የሚፈጠረውንም ጭምር። ደግሞ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ስናፕሾት ካልበራ፣ ከባድ ንባብ ደረሰኝ የሚቆርጠውን ሰው ሊያስጠብቀው ይችላል።

ቤዛ፣ ደብዳቤሽ ላይ «ዳታቤዙን» የሚለውን አውጪው። ለሪፖርቱ የሚያስፈልጉት ሽያጭ፣ ቅርንጫፍና ዕቃ ከሆኑ፣ አይቲ ለየብቻቸው ቪው ይሥራላቸውና ለብቻው ስኪማ ውስጥ ያስቀምጣቸው። ከዚያ ይቺ ትበቃለች፦

```sql
GRANT SELECT ON SCHEMA::rpt TO svc_sales;
```

የቪዎቹና የዋናዎቹ ሠንጠረዦች ባለቤት አንድ ከሆነ፣ አካውንቱ ዋናዎቹን በቀጥታ ማየት አያስፈልገውም። «ጧት 12 ሰዓት»ንም 06:00 ብለሽ ጻፊው፤ አለዚያ ቀትር ላይ ያስገቡልሻል።

ሰሚር፦ የአይቲዎቹም ፍርሃት ከሜዳ አልመጣም። እኔ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት የሰርቪስ አካውንቱ ፓስወርድ በኤክሴል ይዞር ነበር። የደመወዝ ዝርዝር ወጣና ኦዲተሩ ማን እንዳወጣው ጠየቀ። ሎጉ ላይ ያለው የአካውንቱ ስም ብቻ! ሁላችንም ተጠረጠርን።

ጋሽ ታዬ፦ ለዚህ ነው ፓስወርዱን ቤዛ ጭራሽ ማየት የሌለባት። አይቲው ራሱ ፓወር ቢአይን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ጌትዌይ ላይ ይጻፈው፤ አካውንቱም ከዚያ ማሽን ውጭ አይግባ። ደብዳቤው ላይ ኃላፊ የሚሆነው ሰው ስምና አካውንቱ የሚከለስበት ቀን ይኑር።

በራሷ ፓስወርድ መቀጠሉ ግን ይብሳል። የቀየረች ቀን ጌትዌዩ በአሮጌው እየሞከረ የራሷን አካውንት ሊያስቆልፍባት ይችላል። ፓወር ቢአይ ደግሞ በተከታታይ 4 ጊዜ ከከሸፈበት የማደሻ ፕሮግራሙን ያጠፋዋል። ሪፖርቱ የድሮውን ቁጥር ይዞ መከፈቱን ስለሚቀጥል፣ የታደሰበትን ቀን ያላየ ሰው አይነቃም።

ቤዛ፦ የክሽፈቱ ኢሜይል ለማን ይሂድ?

ጋሽ ታዬ፦ ላንቺም ለአይቲም። እኔ ብሆን ግን ዋናውን ሰርቨር አላስነካም፤ ከቅጂው ይነበብ ባይ ነኝ።

ናቲ፦ ለሦስት ቪው ሌላ ሰርቨር? በጀቱን ማን ይፈርማል ጋሼ?

ሰሚር፦ እኔም እዚህ ላይ ከናቲ ጋር ነኝ። ማታ ማታ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ መመለስ ግን ይቻላል።

ጋሽ ታዬ፦ የትናንቱ ቁጥር ከበቃት ይቻላል። ይበቃሻል ቤዛ?

ቤዛ፦ ለእኔ ይበቃኛል። የሽያጭ ኃላፊው ግን የዛሬውን ጧት ካላየሁ ይላል፤ ነገ እጠይቀዋለሁ።